ለየብቻቸው ትክክል፣ ሲገጣጠሙ ስህተት

ስድስት የማሽን ክፍሎች በካሊፐርና በማይክሮሜትር ተለክተው ስድስቱም አልፈዋል። አንዳቸውም ከተፈቀደላቸው ልክ አልወጡም። ገጣጣሚው ግን ተራ በተራ ሻፍቱ ላይ ካስገባቸው በኋላ የመጨረሻዋ የመቆለፊያ ቀለበት ቦይዋ ውስጥ አልገባም ትለዋለች። ክፍሎቹን የሠራው ሰው «ልኩ ይኸው» ይላል። የመረመረውም «እኔ በድሮዊንጉ መሠረት ነው የለካሁት» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ጥፋቱ ያለው ድሮዊንጉ ሲዘጋጅ ማንም ደምሮ ባላየው የጥቃቅን ልዩነቶች ክምችት ላይ ነው።

ይህን ክምችት ብረቱ ሳይቆረጥ በፊት በወረቀት ላይ ማስላት የቶለራንስ ክምችት ትንተና ይባላል። ቶለራንስ ማለት አንድ ልክ ሳይነቀፍ ሊዛነፍ የሚችልበት መጠን ነው። ምንም ዓይነት ማሽን ሁለት ፍጹም እኩል ክፍሎችን ሊሠራ ስለማይችል፣ ንድፍ አውጪው «35 ሚሊሜትር» ብሎ ብቻ አይጽፍም። «35 ሚሊሜትር፣ ሲበዛ 0.05 ቢጨምር ወይም ቢቀንስ ግድ የለም» ብሎ ይጽፋል። ይህች 0.05 ለብቻዋ ምንም ላትመስል ትችላለች። ስድስት ክፍሎች ጎን ለጎን ሲደረደሩ ግን የስድስቱም ልዩነት አንድ ቦታ ላይ ይጠራቀማል። የስሌቱ ጥያቄ ምን ያህል ይጠራቀማል የሚለው ነው። ለዚህም ሁለት መልሶች አሉ፤ አንዱ የከፋውን ሁኔታ ይዞ ይሰላል፣ ሌላው የመሆን ዕድልን ይቆጥራል። ሁለቱ ከአንድ ድሮዊንግ ተነስተው ተቃራኒ ፍርድ ሊሰጡ ይችላሉ።

ምሳሌው፦ ስድስት ክፍሎች፣ አንድ ክፍተት

ለማስረዳት አንድ ትንሽ የጊር ሳጥን እንውሰድ። ሻፍቱ 20 ሚሊሜትር ውፍረት አለው። በአንድ በኩል ወፈር ያለ ትከሻ ወጥቶለታል፣ በሌላው በኩል ዙሪያውን ጠባብ ቦይ ተቆርጦለታል። ከትከሻው ጀምሮ በተራ የሚገቡት ኩሽኔታ፣ ማራራቂያ ቱቦ፣ ጊር፣ ሌላ ኩሽኔታ፣ በመጨረሻም ሰርክሊፕ የሚባለው ቀጭን የብረት ቀለበት ናቸው። ሰርክሊፑ በልዩ ፒንሳ ተከፍቶ ቦዩ ውስጥ ከገባ በኋላ ሌሎቹ ተንሸራትተው እንዳይወጡ ይቆልፋቸዋል።

የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። ሁሉም ወደ ትከሻው ተገፍተው ሲቀመጡ በሰርክሊፑና በቦዩ የውጭ ግድግዳ መካከል ጥቂት ክፍተት መኖር አለበት። ክፍተቱ ከዜሮ በታች ከሆነ ቦታ የለም ማለት ነው፤ ሰርክሊፑ አይገባም። ክፍተቱ ከ0.40 ሚሊሜትር ከበለጠ ደግሞ ጊሩ ወዲያና ወዲህ እየተንሸራተተ ድምፅ ያወጣል እንበል። ስለዚህ መስኮታችን ከ0 እስከ 0.40 ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ሰንሰለቱን መሳል ነው። ከክፍተቱ አንድ ጫፍ ተነስቶ በየክፍሉ እያለፉ ወደ ሌላኛው ጫፍ መመለስ ማለት ነው። በመንገዱ ላይ የሚገኘው እያንዳንዱ ልክ ወይ ክፍተቱን ያሰፋል ወይ ያጠባል። እዚህ የሚያሰፋው አንድ ብቻ ነው፤ ከትከሻው እስከ ቦዩ የውጭ ግድግዳ ያለው የሻፍቱ ርዝመት። የቀሩት አምስቱ ያጠባሉ። የሻፍቱ ውፍረት፣ የጊሩ ጥርስ ቁጥር፣ የኩሽኔታው የውጭ ስፋት ሰንሰለቱ ውስጥ ስለሌሉ አይቆጠሩም።

ሰንሰለቱን መሳል ስሌት ሳይጀመር እንኳ ጥፋት ያጋልጣል። ለምሳሌ ንድፍ አውጪው ቦዩን ከትከሻው እስከ ውስጠኛው ግድግዳ ለክቶ የቦዩን ስፋት ለብቻው ቢጽፍ፣ የቦዩ ስፋትም የሰንሰለቱ አባል ይሆናል። ዲን 471 በሚባለው የጀርመን ደረጃ መሠረት የ20 ሚሊሜትር ሻፍት ቦይ 1.30 ሚሊሜትር ስፋት ኖሮት እስከ 0.14 ሊጨምር ይፈቀድለታል። ይህ ልዩነት በሙሉ ወደ ክፍተታችን ይገባ ነበር። በቀጥታ እስከ ውጭው ግድግዳ ከተለካ ግን ከስሌቱ ይወጣል። በማሽኑ ላይ ምንም አልተቀየረም፤ በድሮዊንጉ ላይ ቀስቱ የቆመበት ቦታ ብቻ ተቀየረ።

መሐሉ የት ነው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሁለተኛው ሥራ ላይ ነው። አንዳንድ ልኮች ወደ ሁለቱም አቅጣጫ እኩል እንዲዛነፉ አይፈቀድላቸውም። ከገበያ የሚገዛውን 6204 ኩሽኔታ እንይ። በካታሎግ ላይ ስፋቱ 14 ሚሊሜትር ተብሎ ይጻፋል። በተለመደው የጥራት ደረጃ ግን የውስጠኛው ቀለበት ስፋት ከ14 መብለጥ አይፈቀድለትም፣ እስከ 0.12 መቀነስ ግን ይችላል። ሰርክሊፑም እንዲሁ ነው፤ 1.20 ይባላል፣ እስከ 0.06 ሊሳሳ ይችላል፣ ሊወፍር ግን አይችልም።

በካታሎግ ቁጥር ብቻ ብንደምር አምስቱ ክፍሎች 74.20 ይሆናሉ፣ ሻፍቱ 74.25 ስለሆነ ክፍተቱ 0.05 ብቻ ይመስላል። ይህ የተሳሳተ ሥዕል ነው። ኩሽኔታው ከ13.88 እስከ 14.00 ስለሚገኝ መሐሉ 13.94 ነው፣ ወዲያና ወዲህ 0.06። ሰርክሊፑም መሐሉ 1.17 ነው፣ ወዲያና ወዲህ 0.03። ሁሉንም ወደ መሐላቸው ስንመልስ ሰንሰለቱ እንዲህ ይሆናል፤ ልኩ በሚሊሜትር ነው፦

- ሻፍቱ ከትከሻው እስከ ቦዩ የውጭ ግድግዳ፦ 74.25 ± 0.10
- የመጀመሪያው ኩሽኔታ፦ 13.94 ± 0.06
- ማራራቂያ ቱቦ፦ 10.00 ± 0.05
- ጊር፦ 35.00 ± 0.05
- ሁለተኛው ኩሽኔታ፦ 13.94 ± 0.06
- ሰርክሊፕ፦ 1.17 ± 0.03

የአምስቱ መሐል ድምር 74.05 ነው። ከ74.25 ሲቀነስ የክፍተቱ መሐል 0.20 ይሆናል፤ ይህም በመስኮታችን በትክክል እኩሌታ ላይ ነው። አሁን የሚቀረው በዚህ መሐል ዙሪያ ክፍተቱ ምን ያህል እንደሚወዛወዝ ማወቅ ነው።

የከፋው ቀን ስሌት

የመጀመሪያው ዘዴ ምንም ዕድል አይቀበልም። አምስቱም ክፍሎች በተፈቀደላቸው መጠን እጅግ ትልቅ ሆነው፣ ሻፍቱ ደግሞ በተመሳሳይ ሰዓት እጅግ አጭር ሆኖ ቢገናኙስ? ብሎ ይጠይቃል። ስሌቱ ቀላል ነው። ቶለራንሶቹ ሁሉ በቀጥታ ይደመራሉ፦

```
0.10 + 0.06 + 0.05 + 0.05 + 0.06 + 0.03 = 0.35
```

ክፍተቱ 0.20 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 0.35 ይሆናል ማለት ነው፤ በአንድ ጫፍ 0.55፣ በሌላው ጫፍ ከዜሮ በታች 0.15። በአንደኛው ጫፍ ጊሩ ከሚገባው በላይ ይንሸራተታል፣ በሌላኛው ሰርክሊፑ አይገባም። የዚህ ዘዴ ፍርድ «ንድፉ ወድቋል» የሚል ነው።

ይህን ንድፍ በዚሁ ዘዴ ለማሳለፍ አጠቃላይ ድምሩ ከ0.35 ወደ 0.20 መውረድ አለበት። ችግሩ ሁለቱ ኩሽኔታዎችና ሰርክሊፑ የሚገዙ ዕቃዎች መሆናቸው ነው። የእነሱ 0.15 በእኛ እጅ አይደለም። ለሻፍቱ፣ ለቱቦውና ለጊሩ በጠቅላላ የሚተርፈው 0.05 ብቻ ነው፤ ለሦስቱ ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ 0.017 ገደማ ይደርሰዋል። የሻፍቱ ቶለራንስ ወደ አንድ ስድስተኛው ወረደ ማለት ነው። በቶርኖ በምቾት ይሠራ የነበረው ልክ አሁን መሞረጃ ማሽን፣ የተሻለ መለኪያና ተጨማሪ ሰዓት ይጠይቃል። የከፋው ሁኔታ ስሌት ያስተማምናል፣ ዋጋውም ይህ ነው።

የሚያስተማምነው ግን በእውነት ነው። በዚህ ዘዴ የተሠራ ንድፍ ላይ እያንዳንዱ ክፍል ምርመራውን እስካለፈ ድረስ መገጣጠሙ የማይቀር ነው። ስለ ሠራተኛው ልማድ፣ ስለ ማሽኑ ዕድሜ፣ ክፍሎቹ ከአንድ ካርቶን ስለመምጣታቸው ምንም ማወቅ አያስፈልግም።

ዕድል ሲቆጠር

ሁለተኛው ዘዴ የሚነሳው ከአንድ ቀላል ትዝብት ነው። ስድስት ዳይስ በአንድ ጊዜ ቢጣሉ ስድስቱም በስድስት ቁጥር የሚወድቁት በአማካይ ከ46,656 ውርወራ አንዴ ነው። በተመሳሳይ መንገድ ስድስቱም ክፍሎች በአንድ ማሽን ላይ፣ ሁሉም በክፉ ጫፋቸው፣ ሁሉም በክፉ አቅጣጫ መገናኘታቸው እጅግ ብርቅ ነው። እንዲያውም ከዳይሱ የበለጠ ብርቅ ነው፤ ምክንያቱም ዳይስ ላይ ስድስቱም ቁጥሮች እኩል ዕድል ሲኖራቸው፣ በደንብ በተስተካከለ ማሽን የሚሠሩ ክፍሎች ግን አብዛኞቹ ከመሐሉ አጠገብ ይሰበሰባሉ፣ ወደ ጫፉ በቀረቡ ቁጥር እየሳሱ ይሄዳሉ። አንዱ ትንሽ ረዘም ሲል ሌላው ትንሽ ያጥራል፣ ልዩነቶቹም እርስ በርሳቸው በከፊል ይጣፋሉ።

ሒሳቡ ይህን መጣፋት የሚቆጥረው እያንዳንዱን ቶለራንስ በራሱ አባዝቶ፣ ውጤቶቹን ደምሮ፣ የድምሩን ዳግም ዘር በማውጣት ነው። በእኛ ምሳሌ እንዲህ ይወጣል፦

```
0.0100 + 0.0036 + 0.0025 + 0.0025 + 0.0036 + 0.0009 = 0.0231
√0.0231 ≈ 0.152
```

0.35 የነበረው ወደ 0.152 ወረደ። ክፍተቱ ከ0.05 እስከ 0.35 ገደማ ይሆናል፣ ይህም በመስኮታችን ውስጥ በምቾት ይቀመጣል። ያው ድሮዊንግ፣ ያው ክፍሎች፣ ፍርዱ ግን «አልፏል» ሆነ።

ይህ ቁጥር ምን እንደሚል በጥንቃቄ መረዳት ያስፈልጋል። ክፍተቱ ከዚህ ወሰን ፈጽሞ አይወጣም አይልም። የየክፍሉ ቶለራንስ የስርጭቱን ሦስት ስታንዳርድ ዴቪየሽን ይሸፍናል ብለን ከተነሳን፣ ከሺህ ግጥሞች ውስጥ 997 ያህሉ በዚህ ወሰን ውስጥ ይውላሉ ማለት ነው። ከወሰኑ የሚወጡትም ወዲያው ብልሽት አይሆኑም፤ እስከ ዜሮና እስከ 0.40 ድረስ ገና ትርፍ ቦታ አለ። በስሌቱ መሠረት ሰርክሊፑ የማይገባባቸው ከ100,000 ግጥሞች 4 ገደማ ናቸው፣ ከሚገባው በላይ የሚንሸራተቱትም እንዲሁ 4 ገደማ። ለአንድ ፋብሪካ ከመቶ ሺህ 8 ግጥም ፈትቶ እንደገና መሥራት፣ ሦስቱን ክፍሎች በሙሉ ወደ መሞረጃ ከመላክ በብዙ ይረክሳል።

ዘዴው ሌላም ጥቅም አለው፤ ገንዘቡ የት ቢወጣ እንደሚያዋጣ ያሳያል። ከ0.0231 ውስጥ 0.0100 የመጣው ከሻፍቱ ብቻ ነው፣ ይህም ከመቶ 43 ማለት ነው። የሻፍቱን ቶለራንስ በእኩሌታ ብንቀንስ 0.152 ወደ 0.125 ይወርዳል። በአንጻሩ ምንም ልዩነት የሌለው ፍጹም ሰርክሊፕ በውድ ዋጋ ብንገዛ 0.149 ላይ እንቆማለን፤ ገንዘቡ ባከነ ማለት ነው። በዚህ ስሌት ትልቁ ልዩነት ሌሎቹን ይውጣቸዋል፣ ትንንሾቹን ማጥበቅ ብዙም አይጠቅምም።

ሁሉም አልፈው ሲወድቁ

እስካሁን ስታትስቲካዊው ዘዴ በነጻ የተገኘ ሲሳይ ይመስላል። ግን ሦስት ነገሮችን ሳይጠይቅ እንደ እውነት ወስዷል። ክፍሎቹ በመሐላቸው ዙሪያ ይሠራሉ ብሏል፣ ስርጭታቸው ወደ ጫፍ እየሳሳ ይሄዳል ብሏል፣ የአንዱ ልክ ከሌላው ልክ ጋር አይያያዝም ብሏል። ከሦስቱ ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው የመጀመሪያው ነው፣ የሚፈርሰውም በሰነፍ ሠራተኛ ሳይሆን በጠንቃቃ ሠራተኛ እጅ ነው።

ቶርኖ ላይ ያለውን ሰው እናስብ። ጊሩን በ35 ሚሊሜትር ለማሳጠር ፊቱን ይልጠዋል። ትንሽ ከረዘመ እንደገና መላጥ ይቻላል፣ ከልኩ ካጠረ ግን ዕቃው ተጣለ። ስለዚህ ረዘም እንዳለ፣ ልክ ወደ ተፈቀደው ክልል እንደገባ ያቆማል። ማራራቂያ ቱቦውም ላይ እንዲሁ ያደርጋል። ሻፍቱ ላይ ደግሞ ቦዩን ሲቆርጥ ወደ ውጭ ጥቂት መጨመር ሁልጊዜ ይቻላል፣ ወደ ውጭ ያለፈውን ግን መመለስ አይቻልም። ስለዚህ የሻፍቱን ርዝመት አጠር አድርጎ ያቆመዋል። በእያንዳንዱ ክፍል ላይ ያደረገው ነገር ብልህነት ነው። ሦስቱም ግን ክፍተቱን ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ ማጥበብ ይገፉታል።

በቁጥር እንየው። ሻፍቶቹ በሙሉ ከ74.15 እስከ 74.25 ባለው ግማሽ ውስጥ፣ ቱቦዎቹ ከ10.00 እስከ 10.05፣ ጊሮቹም ከ35.00 እስከ 35.05 ሆነው ይሠሩ። አንድም ክፍል ከድሮዊንጉ አልወጣም፤ እንዲያውም ስርጭታቸው ከተፈቀደው በእኩሌታ የጠበበ ስለሆነ ምርመራው ክፍል «እነዚህ ሰዎች ጎበዝ ናቸው» ሊል ይችላል። የክፍተቱ መሐል ግን ከ0.20 ወደ 0.10 ወርዷል። አዲሱን ስርጭት በዚያው ዘዴ ስናሰላ 0.109 ይመጣል፣ የክፍተቱ የታች ወሰንም ከዜሮ በታች 0.009 ይሆናል። ሰርክሊፑ የማይገባባቸው ግጥሞች ከ100,000 ውስጥ 4 የነበሩት አሁን 300 ገደማ ሆኑ። ጽሑፉ ሲጀመር ያየነው ጭቅጭቅ የሚነሳው እዚህ ነው፤ ሁሉም ክፍል ምርመራውን አልፏል፣ ግጥሙ ግን ወድቋል።

ሁለተኛው መፍረሻ የክፍሎች መያያዝ ነው። ሁለቱ ኩሽኔታዎች ከአንድ ካርቶን፣ ከአንድ ማሽን፣ ከአንድ ቀን ምርት ሊመጡ ይችላሉ። አንዱ ሰፋ ያለ ከሆነ ሌላውም ሰፋ ያለ የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላል፣ ስለዚህ እርስ በርስ አይጣፉም። ይህ ከታወቀ የሁለቱ ቶለራንስ መጀመሪያ በቀጥታ ይደመራል፤ 0.06 ሲደመር 0.06፣ 0.12 ይሆናል፣ ከዚያ እንደ አንድ ክፍል ተቆጥሮ ወደ ዳግም ዘሩ ይገባል። በምሳሌያችን 0.152 ወደ 0.174 ይወጣል። መስኮቱን አላለፈም፣ ትርፉ ግን ቀንሷል።

መሐንዲሶች ይህን ድክመት ከቀድሞ ጀምሮ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1962 ቤንደር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በዳግም ዘር የሚገኘውን ውጤት በ1.5 ማባዛት የሚል የመጠባበቂያ ደንብ አሳተመ፣ ደንቡም እስከ ዛሬ በብዙ ቦታ ይሠራበታል። በእኛ ምሳሌ 0.152 በ1.5 ሲባዛ 0.228 ይሆናል፣ ክፍተቱም ከዜሮ በታች 0.03 እስከ 0.43 ይደርሳል። ፍርዱ «ለጥቂት ወድቋል» ነው፤ ጠንቃቃው የቶርኖ ሠራተኛ ካሳየን ጋር ይቀራረባል። ደንቡ ስለ ሥራ ቦታው ምንም መረጃ በሌለበት ጊዜ ይረዳል። መረጃውን ራሱን ግን አይተካም።

መረጃው የሚገኘው ከመዝገብ ነው። በቤል ኩባንያ ይሠራ የነበረው ዋልተር ሹዋርት እ.ኤ.አ. በ1924 የቁጥጥር ሰንጠረዥን ካቀረበ ወዲህ አሠራሩ አልተለወጠም። በየጊዜው ጥቂት ክፍሎች ይለካሉ፣ አማካያቸውና ስርጭታቸው በተራ ይመዘገባል፣ አማካዩ ከመሐሉ ከሸሸ ወዲያው ይታያል። ልዩነቱ «አልፏል» እና «ወድቋል» ብሎ ብቻ በመመዝገብና ቁጥሩን ራሱን በመመዝገብ መካከል ነው። «አልፏል» ብቻ የሚል መዝገብ ሻፍቶቹ ሁሉ በአንድ ጎን እንደተከማቹ ፈጽሞ ሊናገር አይችልም።

ስሌቱ ሲወድቅ ምን ይደረጋል?

ብዙዎች መጀመሪያ የሚያስቡት ቶለራንሶችን ሁሉ ማጥበቅ ነው። ከዚያ በፊት ግን የረከሱ መንገዶች አሉ። አንደኛው ሰንሰለቱን ማሳጠር ነው። ማራራቂያ ቱቦውና ጊሩ አንድ ወጥ ክፍል ሆነው በ45 ሚሊሜትር ± 0.05 ቢሠሩ አንድ አባል ከሰንሰለቱ ይወጣል። የከፋው ድምር ከ0.35 ወደ 0.30 ይወርዳል፣ ማንም ሰው ከበፊቱ ይበልጥ አልተጨነቀም።

ሁለተኛው ልዩነቱን ሲገጣጠም መሙላት ነው። ሻፍቱን ሆን ብለን ወደ 74.60 ብናረዝመው ክፍተቱ በከፋው ስሌት እንኳ ከ0.20 እስከ 0.90 ይሆናል፤ ዜሮ ፈጽሞ አይነካም። ከዚያ ገጣጣሚው ክፍተቱን በፊለር ጌጅ ይለካና ስስ የመሙያ ሮንዴላ ያስገባል። ለምሳሌ 0.63 ካገኘ የ0.50 ሮንዴላ አስገብቶ 0.13 ያስቀራል። ቶለራንሶቹ እንደነበሩ ሆነው የከፋው ሁኔታም ተሟላ። ዋጋው በእያንዳንዱ ግጥም ላይ አንድ ልኬትና አንድ ምርጫ መጨመሩ ነው።

ያ ልኬት ሲሳሳት የሚከፈለው ዋጋ ከባድ ሊሆን ይችላል። የቦይንግ 787 አውሮፕላን አካል ከተለያዩ ቦታዎች በሚመጡ ግዙፍ ክፍሎች ይገጣጠማል፣ በመገናኛቸው ላይ የሚቀረው ክፍተት ከ0.005 ኢንች፣ ማለትም ከ0.127 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ በመሙያ ይሞላል። በአንዳንድ አውሮፕላኖች ላይ መሙያው ልኩን ያልጠበቀ፣ ክፍተቱም ከተፈቀደው የበለጠ ሆኖ ተገኘ። በዚህና በሌሎች የጥራት ጉድለቶች ምክንያት ኩባንያው ከሜይ 2021 እስከ ኦገስት 2022 አዳዲስ 787 አውሮፕላኖችን ለደንበኞች ማስረከብ አቁሞ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይህን አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በ2012 ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበ በመሆኑ ጉዳዩ ለአገራችን አንባቢም ሩቅ አይደለም።

የትኛው፣ መቼ?

ምርጫው የሚወሰነው በሁለት ጥያቄዎች ነው። የመጀመሪያው ቢወድቅ ምን ይሆናል የሚለው ነው። ውድቀቱ ሰርክሊፕ አልገባም ብሎ ግጥሙን ፈትቶ እንደገና መሥራት ብቻ ከሆነ ከመቶ ሺህ ጥቂት መቀበል ይቻላል። ሰው የሚጎዳ ከሆነ፣ ለምሳሌ የፍሬን ወይም የመሪ ክፍል ከሆነ፣ የከፋው ሁኔታ ይሰላል፣ ዋጋውም ይከፈላል። ሁለተኛው ጥያቄ ስንት ቁራጭ ይሠራል፣ ስንት ክፍልስ በሰንሰለቱ ውስጥ አለ የሚለው ነው። ሁለት ወይም ሦስት ክፍል ብቻ ካለ በሁለቱ ዘዴዎች መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ስለሆነ በቀጥታ መደመር ይሻላል። ክፍሎቹ እየበዙ ሲሄዱ ግን ቀጥተኛው ድምር ከእውነታው እየራቀ፣ የማያስፈልግ ጥራት እየጠየቀ ይሄዳል።

በአገራችን ቶርኖ ቤቶች ብዙ ጊዜ የሚሠራው የተሰበረ አንድ መለዋወጫ ነው። ለአንድ ቁራጭ ስታትስቲክስ ምንም አይናገርም፣ የከፋውን ሁኔታም መገመት አያስፈልግም፤ ሌሎቹ አምስት ክፍሎች እጅ ላይ አሉና ይለኩ። ከዚያ በጣም ቀላሉን ክፍል፣ በምሳሌያችን ማራራቂያ ቱቦውን፣ መጨረሻ ላይ በተገኘው ክፍተት ልክ መቁረጥ ነው። ሺህ ቁራጭ የሚያመርት ፋብሪካ ግን ይህን ማድረግ አይችልም፤ አስቀድሞ ማስላት ግዴታው ነው።

ስለዚህ በዳግም ዘር የተሰላ ድሮዊንግ ወደ ምርት ከመውረዱ በፊት ንድፍ አውጪው ሁለት ነገሮችን ያድርግ። ክፍሎቹን ከሚሠራው ክፍል ያለፉትን ልኬቶች በቁጥር ይጠይቅ። ቶርኖ ላይ ላለው ሰው ደግሞ «ወደ ክልሉ ስትገባ አትቁም፣ መሐሉን አነጣጥር» ብሎ ይንገረው። በቁጥር የተጻፈ የልኬት መዝገብ የሌለው ፋብሪካ ቶለራንሱን በቀጥታ ይደምር፤ ዳግም ዘር ማውጣት የሚገባው መዝገቡን ለያዘ ብቻ ነው።